ተማሪ ተማሪን እንዲያርም፦ ተንበርክኮ የመነሳትን ስልት በማመሳከሪያ ቅጽ ማስተማር

«ቅጹን አዘጋጅቼ ሰጠኋቸው፤ ሁሉም ለጓደኛው ሁሉንም ራይት አድርጎ መለሰልኝ። ምን ላድርግ?»

ይህን ጥያቄ ከቢቸናም፣ ከሞጣም፣ ከደብረ ማርቆስም የመጡ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ጠይቀውኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ይገላግለኝ። ጥፋቱን በልጆቹ ይሉኝታ ላይ ብቻ መጣል ይቀናናል። እኔ ያየሁት ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው፤ ወይ ቅጹ ዓይን ሊያየው የማይችለውን ነገር ይጠይቃል፣ ወይ ተመልካቹ የቆመበት ቦታ ልክ አይደለም፣ ወይ ደግሞ መምህሩ የተመልካቹን ሥራ ራሱ ይሠራበታል።

ምሳሌዬ የአጭር ርቀት ሩጫ ተንበርክኮ መነሳት ነው፤ ክፍሉ 7ኛ፣ ተማሪዎቹ 62። ይህን የመረጥኩት ኳስም የአሸዋ ጉድጓድም ስለማይፈልግ ነው። በዚያ ላይ «በቦታችሁ» እና «ተዘጋጁ» ሲባል ሰውነት ጸጥ ብሎ ስለሚቆይ ያልሠለጠነ ዓይንም ሊያየው ይችላል። ተማሪዎችዎ መተያየትን ከዚህ በፊት የማያውቁ ከሆነ በዝላይ ወይም በውርወራ አይጀምሩ፤ ልጁ ዓይኑን ሳይጥል ነገሩ ያልቃል።

አደረጃጀቱ ቀላል ነው። ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ፤ አንዱ ሯጭ፣ ሌላው ተመልካች። ተመልካቹ ያየውን ከቅጹ ጋር ያመሳክርና ለሯጩ ይነግራል፤ ከዚያ ሚና ይለዋወጣሉ። መምህሩ የሚያነጋግረው ተመልካቹን ብቻ ነው። ይህ የመጨረሻው ሕግ ከሁሉም ይከብዳል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቢያንስ 60 ሜትር ርዝመትና 45 ሜትር ስፋት ያለው፣ ድንጋይና እሾህ የተለቀመለት ሜዳ
- መነሻ መስመር ለማስመር ኖራ ወይም የተነፋ አመድ፤ ካልተገኘ ሁለት ረጅም ገመድ
- ፊሽካ
- ለእያንዳንዱ ተማሪ ከደብተር የተቀደደ ግማሽ ሉህ
- ቅጹን ለመደገፍ የካርቶን ቁራጭ፣ ከላይ የሚታሰርበት ክር ወይም የልብስ መቆንጠጫ (ከጮቄ በኩል ነፋስ የተነሳ ቀን ያለ ክር የወጣ ወረቀት በሙሉ አጥር ላይ ይሰበሰባል)
- ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ እርሳስ

ቅጹ

ፎቶ ኮፒ አያስፈልግም። ባለፈው ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ ሰሌዳ ላይ ይጻፉትና ተማሪዎቹ ራሳቸው ይገልብጡት። የገለበጠ ልጅ ሜዳ ላይ ሲደርስ አንዴ አንብቦታል ማለት ነው። የእኔ ቅጽ ይህን ይመስላል፦

*በቦታችሁ ሲባል*
1. ሁለቱም እጆች ከመስመሩ በስተኋላ መሬት ነክተዋል፤ ጣት መስመሩን አልነካም።
2. ከመስመሩ እስከ ፊተኛው እግር ጣት ድረስ የራሱ ጫማ ሁለት ጊዜ ይገባል፤ የኋለኛው እግር ጉልበት መሬት ነክቷል።

*ተዘጋጁ ሲባል*
3. ዳሌ ከትከሻ ትንሽ ከፍ ብሏል።
4. ዓይን መስመሩ አካባቢ ያለውን መሬት ያያል፤ አንገት ወደ ላይ አልተቀለበሰም።

*ሲነሳ*
5. በመጀመሪያዎቹ 3 እርምጃዎች ደረት ወደ ፊት እንዳዘነበለ ነው፤ ወዲያው ቀጥ ብሎ አልቆመም።

ከእያንዳንዱ ነጥብ ፊት ለፊት ሁለት ሳጥን ይኑር፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ጊዜ ይታያል። ምልክቱ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ አየሁ ለማለት ራይት፣ ገና ነው ለማለት አግድም ሰረዝ። ኤክስ አይጠቀሙ። ልጆች ኤክስን ከፈተና ወረቀት ጋር ስለሚያያይዙት ለጓደኛቸው ማድረግ ይከብዳቸዋል። ከታች የድምር ቦታ አይተዉ።

አምስቱ ነጥቦች በዓይን የሚታዩ መሆናቸውን ልብ ይበሉ። አንድ ባልደረባዬ ቅጹ ላይ «የፊት ጉልበት 90 ዲግሪ ታጥፏል» ብሎ ጽፎ ነበር። ነገሩ ትክክል ነው፤ በ«ተዘጋጁ» ጊዜ የፊት ጉልበት ወደዚያ የተጠጋ ነው። የ13 ዓመት ልጅ ግን 90 ዲግሪን ከ110 ዲግሪ በሩቅ አይለይም፤ ስለዚህ ራይት አድርጎ ያልፋል። «በትክክል ቆሟል»፣ «ጥሩ አነሳስ ነው» የሚሉትም እንደዚያው ናቸው። ዳሌና ትከሻን ማወዳደር ግን መለኪያ አይፈልግም።

አሠራር

1. ሜዳውን ያስምሩ። በሜዳው መካከል 4 ሜትር የተራራቁ፣ እያንዳንዳቸው 60 ሜትር የሆኑ ሁለት ትይዩ መስመሮች ያስምሩ። 31 ጥንዶችን ለሁለት ይክፈሉና ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው መስመር ላይ ይቁም፤ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ወደ ውጭ ይሮጣሉ። በሯጭና በሯጭ መካከል 4 ሜትር ያህል ይኑር። ይህ ክፍተት ለተመልካቹ ነው፤ ካጠበቡት ተመልካቹ የጎረቤት ሯጭ መንገድ ላይ ይቆምና መጋጨት ይመጣል። በሁለቱም በኩል 10 ሜትር መሮጫና ሌላ 10 ሜትር ፍጥነት መቀነሻ ይተዉ።

2. ጥንዶቹን እርስዎ ያጣምሩ። ልጆቹ ራሳቸው ከተጣመሩ የልብ ጓደኛሞች አብረው ይሆኑና ሥራው ወደ ወሬ ያዘነብላል። በጣም ፈጣኑን በጣም ከዝግተኛው ጋርም አያጣምሩ፤ ዝግተኛው አፉን አይከፍትም። በቁመት የተቀራረቡ፣ ወንድ ከወንድ ሴት ከሴት ቢሆኑ ይመረጣል። ቁመቱ ጫማ ሲለካኩ ይረዳል፤ የጾታው ምክንያት ደግሞ በ«ተዘጋጁ» ዳሌ ወደ ላይ መነሳቱ ነው። ቀሚስ የለበሰች ልጅ በወንድ ዓይን ፊት ይህን ማድረግ አትፈልግም፤ ዳሌዋን ዝቅ አድርጋ ትቀራለች፤ እርስዎም የአሠራር ስህተት ይመስልዎታል። ሱሪ ለብሰው እንዲመጡ ከቀድሞው ቀን ይንገሩ።

 አንድ ልጅ ቢተርፍ ሦስት ይሁኑ፤ አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ እጅና እግር፣ ሌላው ዳሌና ዓይን ያያል።

3. ሰውነት ያሟሙቁ፤ 5 ደቂቃ። ቀስ ያለ ሩጫ፣ የጭን ኋላ ጡንቻና የእጅ አንጓ ማፍታታት። ተንበርክኮ ሲነሱ ክብደቱ መጀመሪያ እጅ ላይ ያርፋል፤ ቀጥሎ የጭኑ ኋላ ጡንቻ በድንገት ይሠራል።

4. ማሳየቱን ለዓይን ሥልጠና ያድርጉት፤ 7 ደቂቃ። በመጀመሪያ ትክክለኛውን አነሳስ አንድ ጊዜ ከጎን ያሳዩ። ከዚያ ሆን ብለው ይሳሳቱ። ዳሌዎን ከትከሻ በታች ያድርጉና «ስንተኛው ነጥብ ነው የጎደለው?» ብለው ይጠይቁ። ቀጥሎ ጣትዎን መስመሩ ላይ ያሳርፉ። ቀጥሎ ምንም ሳይሳሳቱ ይቁሙና ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁ። በዚህኛው ላይ ብዙ እጅ ይነሳል፤ ስህተት መፈለግ እንጂ ማየት አልጀመሩማ። ይህን ደረጃ ዘልሎ ቅጹን ያደለ መምህር ነው በማግስቱ ሁሉም ራይት የሆነ ወረቀት የሚሰበስበው።

5. ተመልካቹን በቦታው ያቁሙ። ከሯጩ በስተጎን 2 ሜትር ርቆ፣ ከመስመሩ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሆኖ፣ በአንድ ጉልበቱ ይንበርከክ። መንበርከኩ ለአክብሮት አይደለም። ቆሞ ከላይ ወደ ታች የሚያይ ልጅ ዳሌና ትከሻን ማወዳደር አይችልም፤ ዓይኑ ከዳሌው ቁመት ጋር ሲስተካከል ልዩነቱ ወዲያው ይታየዋል። ከኋላ መቆም ክልክል ነው፤ ከዚያ ዳሌ እንጂ ትከሻ አይታይም፣ ለሯጩም ያሳፍራል። ከፊት መቆምማ አደጋ ነው።

6. በየዙሩ የሚታየውን ይገድቡ። እያንዳንዱ ሯጭ 6 ጊዜ ይነሳል። በ1ኛውና 2ኛው ተመልካቹ ነጥብ 1ን እና 2ን ብቻ ያያል። በ3ኛውና 4ኛው ነጥብ 3ን እና 4ን፤ በ5ኛውና 6ኛው ነጥብ 5ን ብቻ። አምስቱን ባንድ ጊዜ እንዲያይ የታዘዘ ልጅ አንዱንም አያይም። ትእዛዙን እርስዎ ለሁሉም ባንድ ድምፅ ይስጡ፦ «በቦታችሁ!» ብለው ተመልካቾች እስኪያዩ ይቆዩ። «ተዘጋጁ!» ካሉ በኋላ ግን ከ3 ሰከንድ አያሳልፉ፤ ክንድ ይንቀጠቀጥና ዳሌ ይወርዳል፣ ተመልካቹም የድካምን ነገር ስህተት ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ፊሽካ።

7. ሯጩ ሲመለስ ተመልካቹ ይናገር። ንግግሩ ሦስት ነገር ይኑረው፤ ያየው፣ ቅጹ የሚለው፣ በሚቀጥለው ምን ይደረግ። ለምሳሌ፦ «ዳሌህ ከትከሻህ ዝቅ ብሎ ነበር። ቅጹ ትንሽ ከፍ ይበል ይላል። አሁን ተዘጋጁ ሲባል ከጉልበትህ ገፋ አድርገህ አንሳው።» ትክክል ከሆነም እንዲሁ ያየውን ይናገር፦ «ጣትሽ መስመሩን አልነካም፤ እንደዚያው ድገሚው።» «ጎበዝ» ማለት አይከለከልም፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሯጯ ምኑን እንደምትደግመው አያሳውቃትም። ባንድ ጊዜ ከአንድ እርማት በላይ አይፍቀዱ።

8. እርስዎ ለተመልካቹ እንጂ ለሯጩ አይናገሩ። አንድ ጊዜ እንኳ ዘለው ሯጩን «ዳሌህን አንሳ!» ካሉት ጓደኛው ከዚያ በኋላ ተመልካች መሆኑ ይቀራል። ሯጩም ፊቱን ወደ እርስዎ ያዞራል። ስህተት ካዩ ወደ ተመልካቹ ጎንበስ ብለው ይጠይቁት፦ «ነጥብ 3ን አንብብልኝ። ዳሌው የት ነበር?» ሯጩ እርስዎን ከጠየቀም «ጓደኛህ ምን አየ?» ብለው ይመልሱት። አደጋ ካዩ ብቻ ይህን ሕግ ያፍርሱ።

9. ሚና ያለዋውጡ። 6 መነሳት ከነንግግሩ 11 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሁለቱ ዙር 22፣ ማሟሟቂያው 5፣ ሥልጠናው 7 ሲደመሩ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 6 ደቂቃ ይቀራል፤ ለመሰብሰቢያና ለመመለሻ ነው። ቢዘገዩ የመነሳቱን ቁጥር ለሁለቱም እኩል ወደ 4 ይቀንሱና ነጥብ 5ን ለሚቀጥለው ያቆዩት። ሁለተኛው ልጅ ሳይሮጥ ቢቀር ግን በሚቀጥለው ቀን የመመልከት ፍላጎት አይኖረውም።

አንድ ጥንድ ከቅርብ

ባለፈው ጥቅምት ያየሁትን ልንገራችሁ። ሯጩ የክፍሉ ፈጣን ነው፤ ተመልካቹ ደግሞ ዝምተኛ ልጅ። በመጀመሪያዎቹ አራት መነሳቶች አራቱም ነጥቦች ራይት ሆኑ። 5ኛው ላይ ሯጩ በሁለተኛው እርምጃ ቀጥ ብሎ ቆመና እንደ ተራ ሯጭ ሄደ። ተመልካቹ ነጥብ 5 ላይ ሰረዝ አደረገ፤ ለሯጩም «ቀጥ አልክ፤ ቅጹ ዝንብል በል ይላል» አለው። ሯጩ «ብዬ ነበር» ብሎ ተቆጣ። ተመልካቹ ወደ እኔ ተመለከተ።

ሄጄ ሯጩን ሳላይ ተመልካቹን «ለምን ቀጥ ያለ ይመስልሃል? ተዘጋጁ ሲባል ዳሌው የት ነበር?» አልኩት። «ከትከሻው በላይ።» «ትንሽ ወይስ ብዙ?» ዝም አለና «እግሩ ቀጥ ሊል ነበር» አለ። «ታዲያ ወደ ነጥብ 2 ተመለስና በጫማው ለካው።»

ሯጩ ሊያሳምነው ፈልጎ ራሱ ጫማውን ከመስመሩ ጀምሮ ተረከዝ ከጣት እያጋጠመ ለካ። የፊት እግሩ ይቆምበት የነበረው ቦታ ከመስመሩ አንድ ጫማ ብቻ የራቀ ሆነ። እግር ወደ መስመሩ በጣም ሲጠጋ ዳሌ ወደ ላይ ይገፋል፤ ጉልበት ለመግፋት የሚያስፈልገውን እጥፋት ያጣል፤ ስለዚህ ሯጩ ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ ወደ ላይ ይነሳል። ተመልካቹ ነጥብ 2ን ራይት ያደረገው ሳይለካ ነበር። ነጥብ 3ንም «ከፍ ብሏል» ስለሚል ብቻ አለፈው፤ «ትንሽ» የምትለዋን ቃል ዘሏታል። 6ኛው ላይ እግሩን ሁለት ጫማ አርቆ ተነሳና ሦስት እርምጃ ዝንብል እንዳለ ሄደ። ተመልካቹ ሳይጠየቅ የነጥብ 2ን ራይት ሰርዞ በላዩ ላይ ሰረዝ አደረገበት።

ከዚያ ወዲህ ነጥብ 2 በግምት እንዲሞላ አልፈቅድም፤ ተመልካቹ ያስለካል። በመጀመሪያዎቹ መነሳቶች ሳይታይ ያለፈ ስህተት ለኋለኛው ስህተት ምክንያት መሆኑንም ልጆቹ ራሳቸው ያዩታል።

የተለመዱ ስህተቶችና መለያቸው

*ሁሉም ራይት የሆነ ቅጽ።* ከመጀመሪያው መነሳት ጀምሮ ራይት ብቻ ካዩ ወረቀቱን አይንጠቁ። ተመልካቹን «በ2ኛው ጊዜ የቱ ጉልበቱ ነበር መሬት የነካው?» ብለው ይጠይቁት። ካየ ይመልሳል፤ ካላየ ያፍራል፣ በሚቀጥለው ግን ያያል። ግማሹ ክፍል እንደዚያ ከሆነ ጥፋቱ የደረጃ 4 ነው፤ አቁመው እንደገና ሆን ብለው ይሳሳቱላቸው።

*ተመልካቹ ሯጩ ሲነሳ እያየ ሳይሆን ወረቀቱን እያየ ሲሞላ።* እርሳሱ ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ብቻ ይነሳ። ከዚያ በፊት ወረቀቱ ጉልበት ላይ ይሁን።

*ነቀፋ ወደ ሰው ሲዞር።* «አንተ አትችልም» የሚል ቃል ከሰሙ ተመልካቹን «ይህ ስንተኛው ነጥብ ነው?» ይበሉት። ቅጹ ላይ የሌለ ነገር አይነገርም የሚለው ሕግ ከረጅም ተግሣጽ ይበልጣል።

*ቅጹን ለውጤት መጠቀም።* ጓደኛ የሰጠው ምልክት ማርክ ላይ እንደማይገባ በግልጽ ይናገሩ፤ ቃልዎንም ይጠብቁ። አንድ ጊዜ ከገባ ሰረዝ የሚባል ምልክት ከክፍሉ ይጠፋል።

ማስጠንቀቂያ

በመስከረምና በጥቅምት ጠዋት ሣሩ ጤዛ ይይዛል። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ልጅ በመጀመሪያው ግፊት ይንሸራተትና ፊቱ ላይ ይወድቃል፤ ትምህርቱን ከረፋዱ በኋላ ያድርጉት ወይም ሣር የሌለበትን የሜዳውን ክፍል ይምረጡ። እጅ የሚያርፍበትን ቦታ ልጆቹ ራሳቸው ከመንበርከካቸው በፊት በመዳፋቸው ይጥረጉት።

በዐቢይ ጾም ብዙዎቹ ልጆች ምግብ ሳይቀምሱ ነው የሚመጡት። የመነሳቱን ቁጥር ወደ 3 ይቀንሱ፤ ለእያንዳንዱ የቅጹ ክፍል አንድ አንድ ብቻ። «ተዘጋጁ» ላይ አያቆዩአቸው። የማዞር ስሜት ያለው ልጅ ወዲያው ይቀመጥ።

ሯጮቹ ሲመለሱ በተመልካቹ በኩል እየተራመዱ እንጂ በመስመሩ ላይ እየሮጡ አይመለሱ። ሁሉም እስኪመለሱ ፊሽካ አይነፋም።

ከትምህርቱ ለቀሩ ልጆች

በገበያ ቀንና በአጨዳ ሰሞን የቀሩ ልጆች ሁልጊዜ ይኖራሉ። ለእነርሱ ሚና መለዋወጡን ትቼ ጓደኛን በጓደኛ ማስተማር የሚባለውን እጠቀማለሁ፤ አነሳሱን ያወቀ አንድ ልጅ ከ3 የማይበልጡ ልጆችን ይይዛል። ለዚህ የምመርጠው ፈጣኑን ሯጭ አይደለም። ቅጹ ላይ ያደረገው ሰረዝ እኔ ካየሁት ጋር የገጠመለትን ልጅ ነው። በዚያ ጥቅምት የመረጥኩት ያን ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ ሦስቱን ልጆች አሰልፎ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጫማቸውን ከመስመሩ ጀምሮ ማስለካት ነው።